«መጣ»፣ «መጥቷል»፣ «መጣ አሉ»

ቃና ቴሌቪዥን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2016 ሥራ ሲጀምር፣ የቱርክ ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ ወደ ብዙ ቤት ገቡ። ተመልካቹ የኢስታንቡልን ባሕር፣ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀርበውን ሻይ፣ የአማትና የምራትን ጠብ ለመደ። የእነዚህ ድራማዎች ሆድ ዕቃ ወሬ ነው፤ ማን ምን ሰማ፣ ከማን ሰማ፣ ማን አይቶ ዝም አለ፣ ማን ሳያይ አወራ። ቱርክኛ ይህን ሁሉ የምትሸከም አንዲት ትንሽ ቅጥያ አለችው፤ «ሚሽ» ትባላለች። በአማርኛ የሚከታተለው ሰው ግን ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም። ወደ አማርኛ ስትሻገር ወይ ሦስት ቦታ ትበተናለች፣ ወይ ጭራሹን መንገድ ላይ ትቀራለች።

ነገሩ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይታያል። አሊ የሚባል ሰው ከመንገድ መጥቷል። ይህን የሚያወራ ቱርካዊ ሁለት አማራጭ አለው። «አሊ ጌልዲ» ካለ፣ አሊ ሲመጣ አይቷል፤ ወይም ነገሩን እንዳየው ያህል በራሱ ኃላፊነት ይናገራል። «አሊ ጌልሚሽ» ካለ ግን አላየም፤ መምጣቱን ያወቀው በሌላ መንገድ ነው። ሁለቱም ስለ ትናንት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ሁለቱም ስለ ዛሬ ጠዋት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚለያዩት በጊዜ ሳይሆን ተናጋሪው ነገሩን ባወቀበት መንገድ ነው። ከሁለቱ አንዱን ሳይመርጡ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አይቻልም።

ይህ ግዴታ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ግን እሱም የራሱ ግዴታ አለበት። አማርኛ «መጣ» ወይም «መጣች» ሳይል አያልፍም። የመጣው ሰው ወንድ ይሁን ሴት ለጉዳዩ ባያስፈልግም እንኳ ግሱ ይጠይቃል፤ ተናጋሪው ይመልሳል። ቱርክኛ በበኩሉ ፆታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ «እሱ»ም «እሷ»ም አንድ ቃል ናቸው። አማርኛ «ወንድ ነው ሴት?» ብሎ በሚጠይቅበት ቦታ ላይ ቱርክኛ «አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» ይላል። የቱርክ ልጆችም በትምህርት ቤት የሰዋስው ክፍለ ጊዜ እነዚህን ሁለቱን «የታየ ኃላፊ ጊዜ» እና «የተሰማ ኃላፊ ጊዜ» በሚል ስም ይማሯቸዋል።

ልዩነቱን በጽሑፍ ያስረዳው ሰው የኖረው የዛሬ 950 ዓመት ገደማ ነው። ማሕሙድ አል ካሽጋሪ በ1070ዎቹ ባግዳድ ውስጥ የቱርክ ሕዝቦችን ቋንቋ የሚያስረዳ ትልቅ መዝገበ ቃላት በዐረብኛ አዘጋጀ። አንባቢዎቹ ዐረቦች ስለነበሩ፣ በቋንቋቸው የሌለ ነገር ሲገጥመው መግለጽ ነበረበት። በ«ዲ» የሚያልቀው ግስ ድርጊቱ በተናጋሪው ፊት መፈጸሙን፣ በ«ሚሽ» የሚያልቀው ደግሞ ተናጋሪው በሌለበት መፈጸሙን እንደሚያሳይ ጻፈላቸው። እንግዲህ የቅጥያዋ ማብራሪያ ገና ከጥንቱ የተጻፈው ቋንቋውን ከውጭ ለሚያየው፣ ለሚተረጉመው ሰው ነበር።

ቱርክኛ በዚህ ብቻውን አይደለም። የዓለም ቋንቋዎችን አወቃቀር በካርታ የሚያሳየው ትልቁ የቋንቋ አትላስ 418 ቋንቋዎችን መርምሮ፣ በ237ቱ ውስጥ ተናጋሪው ነገሩን በምን እንዳወቀ የሚጠቁም ሰዋስዋዊ ምልክት አግኝቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች መስፈርቱን ስለሚያጠብቁ ከዚህ ያነሰ ቁጥር ይሰጣሉ። ምልክቶቹ የሚለዩት ነገርም ይለያያል። በኮሎምቢያና በብራዚል ድንበር ላይ የሚነገረው ቱዩካ አምስት ደረጃ አለው። አንድ ሰው «ኳስ ተጫወተ» ለማለት ተናጋሪው ሲጫወት አይቶት እንደሆነ፣ ድምፁን ብቻ ሰምቶ እንደሆነ፣ ሜዳው ላይ ዱካውን አይቶ እንደሆነ፣ ሰው ነግሮት እንደሆነ፣ ወይም «ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ይጫወታል» ብሎ ገምቶ እንደሆነ በግሱ መጨረሻ ይለያል። የቱርክኛዋ «ሚሽ» ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹን በአንድ ከረጢት ትከታለች። ተርጓሚውን የምታስቸግረውም በዚሁ ነው።

ወደ አሊ እንመለስ። በመጀመሪያው ትዕይንት ጎረቤቷ ስልክ ደውላ ትነግራታለች። ሴትየዋ ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞር ትልና «አሊ ጌልሚሽ» ትላለች። አማርኛው ግልጽ ነው፦ «አሊ መጣ አሉ»። በሁለተኛው ትዕይንት ማንም አልነገራትም። ከገበያ ስትመለስ በር ላይ የአሊን ጫማ ታያለች። «አሊ ጌልሚሽ» ትላለች፣ ያንኑ ቃል። እዚህ ላይ «መጣ አሉ» የሚል ተርጓሚ የሌለ ወሬኛ ይፈጥራል፤ የሚስማማው «አሊ መጥቷል» ነው። በሦስተኛው ትዕይንት በሩን ትከፍታለች፤ አሊ ሶፋው ላይ ተጋድሟል። አሁን በዓይኗ እያየችው ነው፣ ግን አሁንም «አሊ ጌልሚሽ!» ትላለች። ሲመጣ አላየችውም፤ መጥቶ ነው ያገኘችው፣ ደግሞም አልጠበቀችውም። ለዚህ አማርኛ የታወቀ ቃል አለው፦ «ለካ አሊ መጥቷል!»

«አሉ»፣ «መጥቷል»፣ «ለካ»፦ ሦስት የተለያዩ የአማርኛ መሣሪያዎች፣ አንዲት የቱርክኛ ቅጥያ። ተርጓሚው ዓረፍተ ነገሩን ብቻ አይቶ መምረጥ አይችልም። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ወደ ኋላ መሄድ፣ በፊልም ከሆነ ደግሞ ምስሉን ማየት አለበት፤ ማን ነገራት? ምን አየች? ፊቷ ላይ ምን አለ? ምስሉን ሳያይ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ ሰው «መጣ» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ስሕተት ነው ማለትም ያስቸግራል፤ አሊ በእርግጥ መጥቷልና። ግን ሴትየዋ ሲመጣ ያየች ምስክር ሆናለች። ሦስት ክፍል አልፎ ባሏ «አንቺ በምን አወቅሽ?» ሲላት ተመልካቹ ግራ ይጋባል።

ከሦስቱ መካከለኛው፣ «መጥቷል» የሚለው፣ ጥቂት መቆየት ይገባዋል። አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ሳያስበው የሚጠቀምበት ነውና። ጠዋት ከቤት የወጣ ሰው መሬቱን ርጥብ ሆኖ ሲያገኘው «ሌሊት ዘንቧል» ይላል። «ሌሊት ዘነበ» ቢል ሲዘንብ ነቅቶ ይሰማ የነበረ ይመስላል። መንገድ ላይ የደበደበው ደግሞ ቤት ገብቶ «ዘነበብኝ» ይላል እንጂ ነገሩን ከርጥብ መሬት እንደሚገምተው ሰው አያወራም። ኪሱን ዳብሶ ባዶ ሲሆንበት «ተሰርቄያለሁ» ይላል፤ ሌባውን አላየውም፣ ውጤቱን ነው ያገኘው። ስለዚህ አማርኛ ምንጭ የሚለይ ሰዋስው የለውም ብሎ መደምደም አይቻልም። ያለው ልዩነት አማርኛ አያስገድድም የሚለው ነው። ዓይኑ እያየ በሩ የተሰበረበት ሰውም «በሬን ሰብረውታል» ቢል ማንም አይገረምበትም። ቱርካዊው ግን በዚያ ሁኔታ «ሚሽ» ቢል አዳማጩ «አላየህም እንዴ?» ይለዋል።

ይህ ልዩነት በወንጀል ታሪክ ውስጥ ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ልብ ወለድ እናስብ። ተጠርጣሪው በዘረፋው ሌሊት ቤት እንዳልነበረ፣ ጠዋት ሲመለስ ብቻ ነገሩን እንዳየ ተናግሯል። መርማሪው ይጠይቀዋል፤ ሰውዬው ዘና ብሎ ያወራል፤ ዕቃውን «ወስደዋል»፣ መስኮቱን «ከፍተዋል»፣ ሁሉንም በ«ሚሽ»። ከዚያ በመሃል አንድ ጊዜ ብቻ «ካፒዪ ኪርዲላር» ይላል፤ «በሩን ሰበሩት»፣ በ«ዲ»። ቱርካዊ አንባቢ እዚህ ላይ ጆሮው ይቆማል። ሰውዬው በሩ ሲሰበር እዚያ ነበር። ተርጓሚው የመጀመሪያዎቹን «ከፍተዋል»፣ «ወስደዋል»፣ የመጨረሻውን «ሰበሩት» አድርጎ ካስቀመጠ አማርኛው ልዩነቱን ይዟል፤ ግን በደካማው ነው የያዘው፣ ምክንያቱም አማርኛ አንባቢ ከ«ሰብረውታል» ወደ «ሰበሩት» መሻገርን እንደ ማስረጃ ለማየት አልለመደም። ጠንቃቃ ተርጓሚ ቀድሞ ያዘጋጃል። ከመጀመሪያዎቹ ዓረፍተ ነገሮች በአንዱ ላይ «መስኮቱን ተከፍቶ ነው ያገኘሁት» ያሰኘዋል። ያኔ «በሩን ሰበሩት» ሲመጣ ጎልቶ ይሰማል። ሁሉንም «ሰበሩ፣ ከፈቱ፣ ወሰዱ» ብሎ የተረጎመ ግን ፍንጩን ከመጽሐፉ አውጥቶ ጥሎታል፤ ሃያ ገጽ ቆይቶ መርማሪው ሰውዬውን ሲይዘው አንባቢው ከየት እንደመጣ አያውቅም።

ቅጥያዋ በገዛ ራስ ላይ ስትነገር ደግሞ ሌላ ጠባይ ታመጣለች። ሶፋ ላይ ነቃ ያለች ሴት «ኡዩሙሹም» ትላለች። ቃል በቃል «ተኛሁ» ነው፤ ግን «ተኛሁ» ብሎ መተርጎም ሆን ብላ የተኛች ያስመስላታል። ስትተኛ ራሷን አላየችም፣ ከነቃች በኋላ ነው የደረሰችበት። «ለካ እንቅልፍ ወስዶኛል» ማለት ይሻላል። «ሆርሉዮርሙሹም» የሚል ባል ደግሞ «አንኮራፋለሁ አሉ» ማለቱ ነው፤ ራሱ ሰምቶት አያውቅም፣ ሚስቱ ናት ምንጩ። ደራሲው ኦርሃን ፓሙክ በ2003 ባሳተመው «ኢስታንቡል» በተባለው የትዝታ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ይህን ጊዜ ራሱ ያነሳዋል። ቱርኮች ሕልምን፣ ተረትንና በአካል ያልነበሩበትን ነገር የሚያወሩበት ጊዜ እንደሆነ ይገልጻል፤ ሰው የሕፃንነቱን ነገር፣ አልጋውንና የመጀመሪያ ርምጃውን፣ ወላጆቹ እንደነገሩት አድርጎ ለማስታወስ እንደሚመች ያስረዳል። አማርኛ ተናጋሪም እዚህ ቤቱ ነው፦ «ልጅ ሆኜ ወተት አልጠጣም ነበር አሉ» የማይል ማን አለ?

ተረትም እንደዚሁ ነው። የቱርክ ተረት «ቢር ቫርሚሽ፣ ቢር ዮክሙሽ» ብሎ ይጀምራል፤ «አንድ ነበረ አሉ፣ አንድ አልነበረም አሉ» እንደ ማለት። (ቅጥያዋ ከፊቷ ባለው አናባቢ እየተሳበች «ሙሽ»ም ትሆናለች።) ከዚያ በኋላ ያለው ግስ በሙሉ በ«ሚሽ» ይሄዳል፤ ንጉሡ ሄደ፣ ልጅቷ አለቀሰች፣ ዘንዶው ተነሣ፣ ሁሉም። ተርጓሚው ለእያንዳንዱ «አሉ» ቢጨምርለት አንባቢ ከሁለተኛው አንቀጽ አያልፍም። የሀገር ቤት ተራኪዎች መንገዱን ያውቁታል። «አንድ ንጉሥ ነበሩ አሉ» ብለው ይከፍታሉ፣ ከዚያ «ሄዱ፣ ተነሡ፣ አሉ» እያሉ ይነጉዳሉ፤ ነገሩ ሲከርር ወይም ወደ አዲስ ቦታ ሲሻገር አንድ «አሉ» ጣል ያደርጋሉ። ቱርክኛው በየግሱ የሚከፍለውን አማርኛው በጅምላ ይከፍላል።

ከመጉደሉ ይልቅ መብዛቱ የሚጎዳበት ጊዜም አለ። «ይባላል»፣ «ተብሎ ይነገራል»፣ «እንደሚወራው» የሚሉት የአማርኛ ሐረጎች ጥርጣሬ ያዘሉ ናቸው። «ሚሽ» ግን በራሷ ጥርጣሬ አይደለችም። እናቱ ስልክ ደውላ «አያትህ ታመዋል» ያለችው ልጅ ለጓደኛው «አያቴ ሀስታይሚሽ» ሲል እናቱን አልተጠራጠረም፤ ራሱ አለማየቱን ብቻ ነው የተናገረው። «አያቴ ታመዋል ይባላል» ብሎ መተርጎም ልጁን ጨካኝ ያደርገዋል። «አያቴ ታመዋል አሉኝ» ይበቃል። መጠራጠር ሲያስፈልግ ቱርክኛ ሌላ ዘዴ አለው፤ ድምፅን ማጣመም፣ ወይም ቅጥያዋን መደራረብ። «ጌልሚሽሚሽ» ማለት «መጥቶ ነበር አሉን እንግዲህ!» ነው፤ ከንፈር ማጣመሙ ግሱ ውስጥ ገብቷል። ቱርክኛ ለሐሜት ያለው ቃልም «ዴዲኮዱ» ነው፤ የተሠራው ሁለት ግሶችን ገጥሞ ነው፦ «አለ» እና «አኖረ»።

ጀማሪ ተርጓሚ በብዛት የሚወድቅበት ጉድጓድ ግን ሌላ ነው። በቱርክኛ «ሚሽ» የሚል ድምፅ ያለበት ሁሉ የስሚ ስሚ አይደለም። «ኦኩሙሽ አዳም» የተማረ ሰው ማለት ነው፤ ማንም «ተምሯል አሉ» አላለም። «ጌልሚሽቲ» «መጥቶ ነበር» ነው። ከሁሉም አሳሳቹ በ«ቲር» የሚዘጋው ነው። የመንግሥት ደብዳቤ፣ የታሪክ መጽሐፍ፣ የኢንሳይክሎፒድያ ጽሑፍ በዚህ መልክ ይጻፋል፤ «ጌልሚሽቲር»፣ «አታንሚሽቲር»። የመጨረሻው «ተሹመዋል» ማለት ነው፣ በማኅተም የጸና። ውስጡ «ሚሽ» ስላየ «ተሹመዋል ተብሏል» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ ይፋዊውን ሹመት የሻይ ቤት ወሬ አድርጎታል። መለያው ቀላል ነው፤ ከ«ሚሽ» በኋላ የሚመጣውን ማየት። ግሱ በ«ሚሽ» ካበቃ ወይም የሰው መለያ ብቻ ካስከተለ የምንጭ ምልክት ናት። «ቲ» ወይም «ቲር» ከተከተላት፣ ወይም ስም እየገለጸች ከሆነ ሥራዋ ሌላ ነው።

እስካሁን ያለው ከቱርክኛ ወደ አማርኛ ሲመጣ ነው። በተቃራኒው አቅጣጫ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። አሁን ተርጓሚው በእጁ ያለውን አይደለም የሚያጣው፤ የሌለውን መሙላት አለበት። «ሚኒስትሩ ትናንት አንካራ ገቡ» የሚለውን የአማርኛ ዜና ወደ ቱርክኛ የሚያዞር ሰው ከ«ዲ» እና ከ«ሚሽ» አንዱን ሊጽፍ ግድ ይለዋል፤ ዋናው ጽሑፍ ግን ምንም አልነገረውም። ለዜና መልሱ የታወቀ ነው። የቱርክ ጋዜጦች ዘጋቢው በቦታው ባይኖርም በ«ዲ» ይጽፋሉ፤ ጋዜጣው ለነገሩ ኃላፊነት ወስዷልና። «ሚሽ» ብትገባ ጋዜጣው ራሱ ያላመነው ያስመስላል። ማመንታት ሲያስፈልግ «መግባታቸው ታወቀ» ወይም «ገቡ የሚል ክስ ቀረበ» የሚመስሉ የተለመዱ ሐረጎች አሉ፤ የአማርኛ ዜና «ተገለጸ» እና «ተሰማ» የሚላቸው ዓይነት።

ዜና ሳይሆን ቅዱስ መጽሐፍ ሲሆንስ? በአንዲስ ተራሮች ይህ ጥያቄ የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎችን በእጅጉ አሳስቧል። በማዕከላዊ ፔሩ የሚነገረው የሁዋያጋ ኬቿ ሦስት ምልክቶች አሉት፦ «ሚ» ተናጋሪው በራሱ ለሚያውቀው፣ «ሺ» ለሰማው፣ «ቺ» ለገመተው። የቋንቋ ሊቁ ዴቪድ ዌበር ልዩነቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳይቷል፤ «አንተም መትተኸኛል»። በ«ሚ» ሲነገር፣ ስትመታኝ አውቄሃለሁ ነው። በ«ሺ» ሲሆን፣ ያኔ ሰክሬ ነበር፣ እንደመታኸኝ ሰው ነገረኝ። በ«ቺ» ሲሆን ደግሞ፣ ብዙ ሆነው ነው የደበደቡኝ፣ አንተም ከመካከላቸው ሳትኖር አትቀርም። ክሱ አንድ ነው፤ ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ግን ሦስት የተለያየ ክስ ነው።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ቋንቋ «በመጀመሪያ እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» የሚለው በየትኛው ይነገር? በ«ሺ» ቢነገር የሰሚ ነገር በመሆኑ ትክክል ነው፤ ግን ተረት የሚነገረውም በዚያው ምልክት ነው፣ አድማጩም የቀበሮ ተረት የሚሰማ ይመስለዋል። በ«ሚ» ቢነገር ደግሞ ጸሐፊው ፍጥረት ሲጀመር ቆሞ ያየ ይሆናል። ሁለተኛው «ሚ» እምነትንና እርግጠኝነትንም ስለሚሸከም ለቅዱስ መጽሐፍ ይቀርባል። ከወንጌላት መካከል ግን ልዩነቱን ራሳቸው የሚያነሱ አሉ። ሉቃስ በመግቢያው ነገሩን ከዓይን ምስክሮች እንደተቀበለና በጥንቃቄ እንደመረመረ ይናገራል፤ በራሱ ቃል ሰሚ እንጂ ተመልካች አይደለም። የዮሐንስ ወንጌል ደግሞ በመስቀሉ ሥር ያየውን መሰከረ ይላል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ምልክት የሚሰጥ ትርጉም፣ ጸሐፊዎቹ የለዩትን ይቀላቅላል።

በዚያው አካባቢ፣ በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያ፣ አይማራ የሚናገሩ ሰዎች ዘንድ ያለውን ልማድ ያጠናችው ማርታ ሃርድማን ያስተዋለችው ከዚህ ጋር ይዛመዳል። በአይማራ በዓይን ያላዩትን እንዳዩት አድርጎ መናገር እንደ ትዕቢት፣ ሲብስም እንደ ውሸት ይቆጠራል። በውጭ ሰዎች የተዘጋጁ ጽሑፎች ግን ኮሎምቦስ አሜሪካን አገኘ የሚለውን ዓይነት ታሪክ የግል ዕውቀት በሚያሳየው መልክ ያስቀምጡታል። አንባቢው «ጸሐፊው እዚያ ነበር እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ የቃላቱ ትርጉምም ትክክል ነው። ተርጓሚው ያልነካት አንዲት ቅጥያ ናት መጽሐፉን ያስጠረጠረችው።

ነገሩ እጅግ የሚከብደው ፍርድ ቤት ነው፤ ጽሑፍ ተርጓሚ ገጽ መልሶ የማንበብ ዕድል አለው፣ አስተርጓሚ ግን ሰከንዶች ብቻ ናቸው ያሉት። ቱርክኛ ተናጋሪዎች በብዛት በሚኖሩባት ጀርመን አንድ ችሎት እንበል። ምስክሯ ሁለት ጎረምሶች የተጣሉበትን ምሽት እየተናገረች ነው። «ቢቻክላሚሽ» ትላለች፤ «በቢላ ወጋው»፣ ከ«ሚሽ» ጋር። አስተርጓሚው «ወጋው» ብቻ ቢል ሴትየዋ የዓይን ምስክር ሆና መዝገብ ላይ ትሰፍራለች፤ ጠበቃው በኋላ «አላየሁም» ስትል ሲሰማ ደግሞ ቃሏን ለወጠች ይላል። ጀርመንኛ እንደ አማርኛ ለሰማውም ለገመተውም መንገድ አለው፤ «ሶል» የሚለው ረዳት ግስ «ወጋው ይላሉ»ን፣ «ሙስ» የሚለው ደግሞ «ወግቶት መሆን አለበት»ን ይሰጣል። ግን የምስክሯ ቃል ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አይለይም። ሰው ነግሯት ይሆናል። ወይም ቢላውን በአንዱ እጅ፣ ደሙን በሌላው ሸሚዝ ላይ አይታ ደምድማ ይሆናል። አስተርጓሚው አንዱን መርጦ ቢያስገባ ምስክርነቱን እሱ ሰጠ ማለት ነው።

ሥራውን የሚያውቅ አስተርጓሚ እዚህ ይቆማል። ዳኛዋን ፈቃድ ይጠይቅና፣ ምስክሯ የተጠቀመችበት ግስ ድርጊቱን ራሷ እንዳላየች እንደሚያሳይ፣ በምን እንዳወቀች ግን እንደማይለይ ያስረዳል። ዳኛዋ ጥያቄውን ታቀርባለች፦ «በምን አወቁ?» ምስክሯ ትመልሳለች። ያኔ ወጥ ቤት ነበረች፤ ጩኸት ሰምታ ወጣች፤ መወጋቱን የነገራት የልጁ ወንድም ነው። ከዚያ እጇን አንሥታ ትጨምራለች፤ «ካኒ ጎርዱም»። ደሙን አይቻለሁ። ይህኛው ግስ በ«ዲ» ነው።